ማህተም የተመታበት ደረሰኝና ኦሲአር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሶፍትዌሩ 99 በመቶ ትክክል ከሆነ፣ ከመቶ ደረሰኝ የሚሳሳተው አንዱን ነው።»

ኦሲአር ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያነብ ሶፍትዌር ነው። የሚባልለት 99 በመቶ ግን የሚቆጠረው በፊደል ነው እንጂ በደረሰኝ አይደለም። የቲን ቁጥር 10 አሃዝ ነው። እያንዳንዱ አሃዝ 99 በመቶ ልክ የመነበብ ዕድል ቢኖረው፣ አሥሩም አንድ ላይ ልክ የሚሆኑበት ዕድል 90 በመቶ ገደማ ነው። ከአሥር ቲን አንዱ ተበላሸ ማለት ነው። ገና ቀኑ፣ የደረሰኝ ቁጥሩና የብሩ መጠን አሉ። ያ 99 በመቶ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የተለካው ንጹህ በሆነ የታተመ ወረቀት ላይ ነው።

«ለእኔ ቁልጭ ብሎ የሚታየኝ ቁጥር እንዴት ማሽኑን ያቅተዋል?»

እኛ ማህተሙን ከቁጥሩ የምንለየው በቀለም ነው። እንደ ቴሰራክት ያሉ የኦሲአር ፕሮግራሞች ግን ከማንበባቸው በፊት ምስሉን ጥቁርና ነጭ ያደርጉታል። አንድ የድምቀት ወለል ይመረጣል፤ ከዚያ የጨለመው ሁሉ ጥቁር፣ የፈካው ሁሉ ነጭ ይሆናል። ጠንከር ተደርጎ የተመታ ሰማያዊ ማህተም ከቁጥሩ እኩል ይጠቁራል። ከዚያ በኋላ የቱ ጭረት የማህተም፣ የቱ የቁጥር እንደሆነ የሚናገር ነገር የለም።

አንድ የገጠመኝን ላሳያችሁ። ደረሰኙ ላይ ድምሩ 18,400.00፣ ቫቱ 2,760.00፣ ጠቅላላው 21,160.00 ብር ነበር። የማህተሙ ክብ ጠርዝ የመጀመሪያዋን 1 አናት ነክቶ አልፏል። ፕሮግራሙ 27,160.00 ብሎ አረፈው። አይፈረድበትም፤ 1 ላይ ኮፍያ ሲደረግለት 7 ነው የሚመስለው። ክፋቱ፣ የሰጠው የእርግጠኝነት ነጥብም ከፍተኛ ነበር፤ ምክንያቱም ያየው ጥርት ያለ 7 ነው። ነጥቡን ብቻ አምኜ ቢሆን ኖሮ 6,000 ብር በአየር ላይ ይጨመር ነበር። ያጋለጠው ተራ ሒሳብ ነው፦ የ18,400 15 በመቶ 2,760 ነው፣ ሁለቱ ሲደመሩ 21,160። ይህን ቼክ በእያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ አስሮጡት።

ማህተሙን ራሱን ማደብዘዝም ይቻላል። የቀለም ምስል ከሦስት ንብርብሮች ይሠራል፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። በሰማያዊው ንብርብር ላይ ሰማያዊ ማህተም ይፈካል፣ ጥቁሩ ጽሑፍ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ኢሜጅማጂክ በተባለው የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም ሰማያዊውን ንብርብር ለይቶ ለቴሰራክት መስጠት እንዲህ ነው፦

```
magick deresegn.png -channel B -separate b.png
tesseract b.png out -l amh+eng --psm 6
```

ማህተሙ ቀይ ከሆነ `B` የሚለውን `R` አድርጉት። ጥቁር ማህተም ላይ ግን ይሄ ዘዴ ምንም አይፈይድም።

አንድ ወጥመድም አለው። ደረሰኙ ሰማያዊ የካርቦን ኮፒ ከሆነ ወይም በሰማያዊ እስክሪብቶ ከተጻፈ፣ ከማህተሙ ጋር ቁጥሩም አብሮ ብን ይላል። እኔ ይህን ያወቅኩት ባዶ ፋይል ከፍቼ ካፈጠጥኩ በኋላ ነው። ስለዚህ ኦሪጅናሉን ምስል አታጥፉ። ስካነሩም ከመጀመሪያው በቀለም ላይ ይሁን፤ በጥቁርና ነጭ የተነሳን ምስል ቀለሙን የሚመልስለት የለም።

«እሺ፣ ስካነሩን 600 ዲፒአይ ላይ እናድርገዋ።»

ዲፒአይ ስካነሩ በአንድ ኢንች ውስጥ የሚያነሳው የነጥብ ብዛት ነው፤ ለተራ የታተመ ጽሑፍ 300 ይበቃል። ከ300 በታች ለሆነ ምስል መጨመሩ ይጠቅማል። ማህተም ላለበት ግን ያው የተደራረበ ጭረት በትልቁ ይታያችኋል እንጂ አይለያይም። ፋይሉም ያብጣል።

«የእጅ ጽሑፉ ካማረ ይነበባል።»

እውነቱን ለመናገር እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ችግሩ ግን ማማሩ ላይ አይደለም። የተለመዱት የኦሲአር ፕሮግራሞች የተማሩት ከኅትመት ፊደላት ነው፤ እዚያ 4 ሁሌም ያው 4 ነው። በእጅ ሲጻፍ አንዱ አናቱን ይከፍተዋል፣ ሌላው ይዘጋውና 9 ይመስላል። አሃዞቹ ይያያዛሉ፣ ጅራታቸው የደረሰኙን መስመር ይነካል፣ መስመሩም የቁጥሩ አካል ሆኖ ይነበባል። የእጅ ጽሑፍ ለማንበብ የሠለጠነ ሌላ ሞዴል ያስፈልጋል፤ እሱም ቢሆን የታተመውን ያህል አይታመንም።

እኛ ዘንድ ደግሞ የራሳችን ልማድ አለ፦ 500 /አምስት መቶ ብር/ ብለን እንጽፋለን። ጋደል ያለችው መስመር ቁጥሩ ላይ ተጠግታ ከተጻፈች 1 ሆና 5001 ትነበባለች። ቫት የሌለበት ደረሰኝ ከሆነ የድምር ቼኩም አይደርስላችሁም። ለዚህ ነው በእጅ የተሞሉትን ለይቼ የማስቀምጠው። ከደረሰኙ ራስጌ ላይ የታተመውን የሻጩን ስምና ቲን ፕሮግራሙ ያንብብ፤ የብሩን መጠን ግን ሰው፣ በፊደል ከተጻፈው ጋር እያመሳከረ፣ በእጁ ያስገባል።