በቤትና በትምህርት ቤት የሚቀመጥ ቀላል የዝናብ መለኪያ፦ አተካከል፣ አነባበብና አያያዝ

የዝናብ መለኪያ የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዘነበው ውሃ ሳይፈስ፣ ሳይሰርግና ሳይተን በደልዳላ መሬት ላይ ቢጠራቀም ኖሮ ስንት ሚሊሜትር ጥልቀት ይኖረው እንደነበር። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው። በመሆኑም የመለኪያው አፍ ሰፊ ቢሆን ብዙ ውሃ፣ ጠባብ ቢሆን ጥቂት ውሃ ይሰበስባል እንጂ ሁለቱም በትክክል ከተሰላላቸው የሚሰጡት ቁጥር አንድ ነው።

ተሠርቶ የሚሸጥ ባለ ምልክት መለኪያ ከሌለ ጥልቀት ያለው ፈነል፣ ፈነሉ የሚገጥምበት ባለ 2 ሊትር ጠርሙስና የሚሊሊትር ምልክት ያለው መስፈሪያ ይበቃሉ። ብዙ ሰው የላስቲክ ጠርሙስ ቆርጦ በጎኑ ማስመሪያ ይለጥፋል፤ ነገር ግን የእንዲህ ዓይነቱ ጠርሙስ ታች ጎድጓዳና ወጣ ገባ ስለሆነ፣ በተለይ በትንሽ ዝናብ ቀን፣ በማስመሪያው የሚነበበው ቁጥር አያስተማምንም። ውሃውን ወደ መስፈሪያ ገልብጦ በሚሊሊትር መለካትና ማስላት ይሻላል።

ስሌቱ በምሳሌ ሲታይ ቀላል ነው። የፈነሉ አፍ ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ 11.3 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ የዚህ ግማሽ 5.65 ነው፤ 5.65 በራሱ ተባዝቶ እንደገና በ3.14 ሲባዛ የአፉ ስፋት 100 ካሬ ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። በዚህ ስፋት ላይ 1 ሚሊሜትር ዝናብ 10 ሚሊሊትር ውሃ ይሰጣል። ጠዋት ከጠርሙሱ 137 ሚሊሊትር ከተገኘ ዝናቡ 13.7 ሚሊሜትር ነበር ማለት ነው። ሆኖም አፉ የተለካው ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ከሆነና 11.7 ሳንቲሜትር ከተባለ፣ ያው 137 ሚሊሊትር 12.7 ሚሊሜትር ሆኖ ይመዘገባል። የ4 ሚሊሜትር የአለካክ ስሕተት በየቀኑ ከሚመዘገበው ዝናብ 7 ከመቶ ያህል ይቀንሳል ማለት ነው፤ ስሕተቱም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሄድ የዓመቱ ድምር ውስጥ አይካካስም። ስለዚህ የፈነሉን አፍ በሁለት አቅጣጫ ከውስጥ መለካትና አማካዩን መያዝ ይገባል።

ከመሣሪያው ይልቅ ልኩን የሚወስነው ግን ቦታው ነው። የዝናብ መለኪያ ዋነኛ ጠላት ነፋስ ነው፤ በመለኪያው አፍ ላይ ሲያልፍ ወደ ላይ ከፍ እያለ ስለሚፈጥን ደቃቅ ጠብታዎችን አፉን አሻግሮ ይወስዳቸዋል። ጣሪያ ላይ የተቀመጠ መለኪያ ለዝናቡ የቀረበ ቢመስልም ብዙ ጊዜ የሚይዘው ከመሬቱ ያነሰ ነው፤ በዚያ ከፍታ ነፋሱ ይበረታል፣ ሕንፃውም ራሱ ነፋሱን ወደ ላይ ይገፋዋል። በአንጻሩ አፉ ለመሬት በጣም ከቀረበ ከመሬት የሚፈናጠር ውሃ ይገባበታል። የመለኪያው አፍ ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ቢል፣ ከሥሩም ሲሚንቶ ሳይሆን አጭር ሣር ወይም ጠጠር ቢኖር ለሁለቱም ችግር ተስማሚ ነው።

ከዛፍ፣ ከግድግዳና ከአጥር የሚኖረው ርቀት የሚለካው እነዚህ ነገሮች ከመለኪያው አፍ በላይ ባላቸው ቁመት ነው፤ ርቀቱ ቢያንስ የዚህን ቁመት እጥፍ፣ ከተቻለም አራት እጥፍ መሆን አለበት። ለምሳሌ 4 ሜትር ቁመት ያለው ቤት 1 ሜትር ላይ ከተቀመጠው አፍ በ3 ሜትር ይበልጣል፤ ስለዚህ መለኪያው ከግድግዳው 6 ሜትር መራቅ አለበት፣ 12 ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ይህ ሲባል ግን ምንም ከለላ የሌለው የኳስ ሜዳ መሃል ምርጥ ቦታ ነው ማለት አይደለም። በተገቢው ርቀት ላይ ያለ ቁጥቋጦ ወይም ዝቅተኛ አጥር ነፋሱን ስለሚያበርድ ጠቃሚ ነው፤ በትምህርት ቤት ደግሞ ኳስ የማይደርስበት ጥግ መፈለግ የግድ ነው።

መለኪያው የሚታሰረው በቋሚ እንጨት ጎን ሲሆን፣ አፉ ከእንጨቱ ጫፍ ጥቂት ሳንቲሜትር ከፍ ማለት አለበት። የእንጨቱን ጫፍ ከመለኪያው በተቃራኒ አቅጣጫ ወደ ታች እንዲያዘነብል አድርጎ መቁረጥም በእንጨቱ ላይ ያረፈው ጠብታ ወደ ፈነሉ እንዳይፈናጠር ይረዳል። የአፉ ደልዳላነት በግንበኞች ውሃ ልክ ይረጋገጣል።

ንባቡ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይወሰዳል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለቤትም ለትምህርት ቤትም ይመቻል፣ ፀሐይ ሳይበረታ ስለሚነበብም በትነት የሚጠፋው ውሃ ይቀንሳል። መስፈሪያው ደልዳላ ነገር ላይ ይቀመጣል፤ ዓይን ከውሃው ወለል እኩል ዝቅ ይላል። የውሃው ወለል በጠርዙ ከፍ፣ በመሃሉ ጎድጎድ ብሎ ስለሚታይ የሚነበበው የጎድጓዳው ታችኛ ጫፍ ነው። ከተነበበና ቁጥሩ ከተጻፈ በኋላ ነው ውሃው የሚደፋው፤ በዚህ ቅደም ተከተል ከሆነ ጥርጣሬ ሲኖር ደግሞ ማንበብ ይቻላል።

መዝገብ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ዝናብ ባልዘነበባቸው ቀናት ነው። ባዶ የተተወ መስመር «አልዘነበም» ይሁን «አልተነበበም» ከወራት በኋላ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ መለኪያው ታይቶ ደረቅ ሆኖ ከተገኘ 0.0፣ ጠብታ ታይቶ ለመለካት ካልበቃ «ምልክት ብቻ»፣ ካልታየ ደግሞ «አልተነበበም» ተብሎ ይጻፋል። በትምህርት ቤት ይህ ጉዳይ በየሳምንቱ ይመጣል። ዓርብ ጠዋት ተነቦ ቅዳሜና እሑድ ማንም ሳይደርስበት ሰኞ ጠዋት 234 ሚሊሊትር ቢገኝ፣ በላይኛው ፈነል 23.4 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህን ለሦስት ከፍሎ 7.8፣ 7.8፣ 7.8 ብሎ መጻፍ ያልተለካን ነገር እንደተለካ ማቅረብ ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ በሰኞ መስመር ላይ «23.4፣ የ3 ቀን ድምር» ነው፤ ቁጥሩ ለወሩ ድምር ያገለግላል፣ የዝናባማ ቀናትን ብዛት ለመቁጠር ወይም የወሩን ከባድ ዝናብ ለመለየት ግን አያገለግልም።

ጠዋት የሚነበበው ባለፉት 24 ሰዓታት የዘነበው ስለሆነ አብዛኛው የትናንት ዝናብ ሊሆን ይችላል። በንባቡ ቀን መመዝገብ የተለመደ አሠራር ነው፤ የትኛውም ቢመረጥ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መጻፍ አለበት፤ አለበለዚያ ከሌላ ጣቢያ መዝገብ ጋር ሲነጻጸር ሁሉም ዝናብ በአንድ ቀን ተዛንፎ ይገኛል።

የመለኪያው ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ በመዝገቡ ላይ ይታያል። በደረቅ ቀን ማግስት ጥቂት ሚሊሜትር ከተነበበ የፈነሉ ቀዳዳ በቅጠል፣ በሸረሪት ድር ወይም በወፍ ኩስ ተዘግቶ ውሃው ቀስ ብሎ መውረዱን መጠርጠር ይገባል። ማፍሰሱን ለማወቅ ደግሞ ጠርሙሱን በታወቀ ውሃ፣ ለምሳሌ በ500 ሚሊሊትር፣ ሞልቶ፣ ከድኖ፣ በጥላ ሥር ለአንድ ቀን ካሳደሩ በኋላ እንደገና መለካት ነው። ፈነሉና ጠርሙሱ በሳምንት አንድ ጊዜ በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባሉ፤ የመስፈሪያውን ምልክት የሚፍቅ ሻካራ ነገር አያስፈልግም። ከጠንካራ ነፋስ በኋላ አፉ አለመዘንበሉ በውሃ ልክ ይታያል፣ በዙሪያው ያለው ሣርም ይታጨዳል።

ከሁሉም ቀስ ብሎ የሚመጣው የዛፍ ማደግ ነው። ሲተከል በቂ ርቀት የነበረው መለኪያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቅርንጫፍ ይከለልና ዝናቡ የቀነሰ ይመስላል። በዚህ ጊዜ ዛፉን መከርከም ወይም መለኪያውን ማዛወር ያስፈልጋል፤ የሚዛወር ከሆነ ሁለተኛ መለኪያ በአዲሱ ቦታ ተክሎ ሁለቱን ለአንድ ሙሉ የዝናብ ወቅት ጎን ለጎን ማንበብ፣ የተዛወረበትን ቀንና የሁለቱንም ቦታዎች ንድፍ በመዝገቡ ላይ ማስፈር ይገባል።