የመጀመሪያዋን ሠራተኛ ስትቀጥሪ፦ አራት ኪሎ ላይ ሱቅ ለከፈተች እህት የተጻፈ ደብዳቤ

እህት ዓለም፣

የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅሽን ከፍተሽ ሠራተኛ ልትቀጥሪ መሆኑን ሰማሁ። እስካሁን አንቺ ብቻ ነበርሽ። ኮፒውንም፣ ሒሳቡንም፣ ደንበኛውንም በአንቺው እጅ ይዘሽ ቆየሽ። አንድ ሰው ስትጨምሪ ግን የሚጨመረው እጅ ብቻ አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ በሕጉ ቋንቋ «አሠሪ» ነሽ። ለአራዳና ለፒያሳ ትንንሽ ሱቆች ለብዙ ዓመት ሒሳብ ስይዝ ኖሬያለሁ። ባለሱቆች የሚሳሳቱት ሁሌም በተመሳሳይ ቦታ ነው።

ነገሩን የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። «እኔ እኮ ትንሽ ሱቅ ነኝ» የሚል መልስ አይሠራም። አንድ ሠራተኛ ያለውም ሺህ ያለውም በዚሁ አዋጅ ሥር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ወረቀት ልንገርሽ፤ ብዙው ጣጣ የሚመጣው ከእሱ ነውና። ውል በቃልም ይጸናል። ልጅቷ «እሺ» ብላ ካውንተር ጀርባ ከቆመች ተቀጥራለች። ነገር ግን ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ፣ በ15 ተከታታይ ቀናት ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ በአንቺ የተፈረመ ደብዳቤ ልትሰጫት ይገባል። የሚጻፈው ብዙ አይደለም። የሁለታችሁ ስምና አድራሻ፣ ዕድሜዋ፣ የሥራው ዓይነትና ቦታ፣ ደመወዙና የሚከፈልበት ጊዜ፣ ውሉ የሚቆይበት ጊዜ፣ ፊርማ። አንድ ገጽ ይበቃል። በሁለት ኮፒ አድርጊው፤ መቼም ኮፒ አይቸግርሽም።

ደብዳቤውን ካልሰጠሻት የእሷ መብት አይቀንስም። የሚቀንሰው ያንቺ መከራከሪያ ነው። ነገሩን በሙከራ ጊዜ ላይ አስቢው። ሁሉም ባለሱቅ «ትሞከር፣ ካልሆነች ትሂድ» ይላል። ሕጉም ሙከራን ይፈቅዳል፤ ርዝመቱ ግን ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። የሥራ ቀን ነው ያልኩሽ፣ ሁለት ወር አይደለም። በሳምንት ስድስት ቀን ከሠራች 10 ሳምንት ገደማ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ካልተስማማች ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ልታሰናብቻት ትችያለሽ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ፤ የሙከራው ስምምነት በጽሑፍ መሆን አለበት። በቃል የተባለ ሙከራ ፍርድ ቤት ፊት ሙከራ አይደለም።

ያየሁት ጉዳይ ነበር። አንድ ባለሱቅ ልጅ ቀጠረ፣ «ለሁለት ወር እንይህ» አለው። በአምስተኛው ሳምንት «አልተስማማንም» ብሎ አሰናበተው። ወረቀት የለም። ልጁ ከሰሰ፤ እንደ ሙከራ ሠራተኛ ሳይሆን ላልተወሰነ ጊዜ እንደተቀጠረ ተቆጠረ። ያለ በቂ ምክንያት የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል፤ ካልተመለሰ ደግሞ ካሳው የአማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ነው፤ የማስጠንቀቂያ ክፍያው ተጨማሪ ነው። በወር 6,200 ብር የሚከፈላትን ሠራተኛ ብናስብ ካሳው ብቻ 37,200 ብር አካባቢ ይመጣል። ያ ሁሉ የአንድ ገጽ ወረቀት ዋጋ ነው።

ወደ ደመወዙ እንሂድ። እዚህ ከተማ ሠራተኛ ሲጠይቅሽ «በእጅ ስንት?» ነው የሚልሽ። አንቺ «5,000» ብለሽ ውሉ ላይ 5,000 ከጻፍሽ ሁለታችሁም ወር ሲደርስ ትደነግጣላችሁ። ለምን? ከደመወዟ ላይ ግብርና ጡረታ መቁረጥ ያንቺ ግዴታ ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የገቢ ግብር ማሻሻያ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ ከ4,000 እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ ይቆረጥበታል። እያለ እስከ 35 በመቶ ይወጣል። በ5,000 ብር ላይ ግብሩ 500 ብር ነው። ጡረታዋ 7 በመቶ ነው፣ 350 ብር። እጇ ላይ የሚገባው 4,150 ብር ሆነ። ልጅቷ «ዋሸችኝ» ትላለች። አንቺም አልዋሸሽም፣ ግን ማን ያምናል?

ስለዚህ ስትደራደሪ ጠቅላላውን ተናገሪ። በእጇ ወደ 5,000 ብር እንዲገባ ከፈለግሽ ውሉ ላይ የሚጻፈው 6,200 ብር አካባቢ ነው። ግብሩ 740፣ ጡረታዋ 434፣ ለእሷ የሚደርሳት 5,026 ብር። ከዚህ ላይ አንቺ ከራስሽ ኪስ 11 በመቶ የአሠሪ ጡረታ ትጨምሪያለሽ፤ 682 ብር ነው። እሱ ከእሷ ደመወዝ አይቆረጥም። እንዲህ ሆኖ እሷን ማሠራት በወር 6,882 ብር ያስወጣሻል፤ ከዚህ ውስጥ 1,856 ብሩ የግብርና የጡረታ ነው። ዋጋ ስታወጪ ይህን አትርሺ፤ የአንድ ገጽ ኮፒ ትርፍ ሳንቲም ነው።

ገንዘቡን ወር ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ በግብር ጽሕፈት ቤትሽ በኩል አስታውቀሽ ትከፍያለሽ። ለዚህ የእሷም ቲን ያስፈልጋል፤ ከሌላት አውጪ በያት። ለጡረታም በግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት ትመዘገባለች። ግብሩን ሳትቆርጪ ብትቀሪ ግብር ሰብሳቢው ወደ እሷ አይሄድም፤ ወደ አንቺ ነው የሚመጣው። «እሷ ሙሉ ደመወዜን ስጪኝ ብላኝ ነው» የሚለው ምክንያት አያድንም። በየወሩ ጠቅላላ ደመወዙ፣ ተቀናሹና የተጣራው የተጻፈበት የደመወዝ መክፈያ ላይ አስፈርሚያት። በባንክ ብትከፍዪም ወረቀቱን አትተይ።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ሱቅሽ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ክፍት ነው አሉኝ። አንቺ 12 ሰዓት መቆም ትችያለሽ፣ ሱቁ ያንቺ ነው። እሷ ግን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው ያላት። የምሳውን አንድ ሰዓት ብትቀንሺ እንኳ በቀን ሦስት ሰዓት ይተርፋል። ያንን «ትርፍ ሰዓት እከፍላታለሁ» ብለሽ የዘወትር አሠራር ልታደርጊው አትችዪም። ትርፍ ሰዓት የተፈቀደው ለተወሰኑ አስቸኳይ ሁኔታዎች ነው። ያኔም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አያልፍም። ያንቺ 3 ሰዓት በስድስት ቀን 18 ይሆናል፤ ከጣሪያው አለፈ። የምመክርሽ ቀላል ነው። ጠዋት አንቺ ክፈቺ፣ እሷ 4 ሰዓት ትግባ፣ ምሽት 1 ሰዓት ትውጣ። የተማሪ ወረፋ የሚበዛውም ከዚያ ወዲህ ነው።

መስከረም ላይ የደብተር ግፊያ ሲመጣ ግን አንዳንድ ቀን ማምሸቷ አይቀርም። ያኔ ክፍያው ከመደበኛው ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ነው። በተለመደው ስሌት 6,200 ብርን ለ26 ቀንና ለ8 ሰዓት ስታካፍዪው ሰዓቱ 29.81 ብር ይሆናል፤ ትርፉ 44.71 ብር። በእረፍት ቀኗ ካሠራሻት እጥፍ፣ በበዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ማረፍ ደግሞ መብቷ ነው። የመጀመሪያ ዓመቷን ስትጨርስ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አላት፤ ከአሁኑ አስቢበት፣ ያን ጊዜ ሱቁን ብቻሽን ነው የምትይዢው።

ከሁሉ ይልቅ የምትጨነቂበትን አውቃለሁ፤ ጉድለት ነው። ማታ ሒሳብ ስታስገቢ 300 ብር ጎደለ። ወር ሲደርስ ከደመወዟ ላይ ቆረጥሽ። ይሄ የሱቅ ልማድ ነው፣ ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ከደመወዝ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ በሥራ ደንብ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም ሠራተኛዋ በጽሑፍ ስትስማማ ነው። ያኔም ከወር ደመወዟ ሲሶ አይበልጥም፤ በ6,200 ላይ 2,066 ብር መሆኑ ነው። ስለዚህ ጉድለት ሲገኝ ያኑ ዕለት ጻፉት፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት። «የወሩን መጨረሻ ላይ እንተያያለን» የሚባል ጉድለት ማን ያጎደለው እንደሆነ አይታወቅም፤ አንቺም እኮ ከመሳቢያው ለታክሲ ታወጫለሽ።

ለዚህ ብለሽ ተያዥ ትጠይቂያለሽ፣ ያ አይከለከልም። ግን ተያዡ የፈረመው «ለጠፋው ሁሉ ኃላፊ ነኝ» የሚል ወረቀት ከሆነ ምንም አይጠቅምሽም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ዋስትና በጽሑፍ መሆን አለበት፤ የሚያስጠይቀው ከፍተኛ የገንዘብ መጠንም መጻፍ አለበት። መጠኑ ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ የለውም። ስንት ባለሱቅ ያንን ወረቀት በላስቲክ አስሮ እንደ ወርቅ እንደሚያስቀምጥ ብታይ!

አንድ ነገር ላክልበት። ዘመድ ከገጠር መጥቶ «ልጁን ሱቅሽ ውስጥ አስቀምጪልን፣ ማታ ይማር» ሊልሽ ይችላል። 15 ዓመት ካልሞላው በሥራ ላይ ማሰማራት ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ባለው ዕድሜ ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በትርፍ ሰዓት ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ማሠራት አይቻልም። ዘመድ መሆኑ ይህን አይለውጠውም።

ልጅቷ አንድ ቀን ትሄዳለች፤ ወይ አንቺ ታሰናብቻታለሽ። ሙከራዋን ጨርሳ ዓመት ያልሞላት ከሆነና በቂ ምክንያት ኖሮሽ የምታሰናብቻት ከሆነ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ትሰጫታለሽ። እሷም ስትለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለባት። በማርፈድ ብቻ ያለ ማስጠንቀቂያ ልታባርሪያት ብትፈልጊ፣ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ አርፍዳ፣ በጽሑፍም ተነግሯት መሆን አለበት። በቃል የተቆጣሻት አይቆጠርም። ውሉ ሲያበቃ ያላትን ደመወዝና ያልወሰደችውን ፈቃድ በገንዘብ ተምኖ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መክፈል ያንቺ ነው። የሠራችበትን ጊዜ፣ የሥራውን ዓይነትና ደመወዟን የሚያሳይ የሥራ ልምድ ወረቀትም በነጻ ትሰጫታለሽ። ተጣልታችሁ ብትለያዩም ወረቀቱን መያዝ አትችዪም።

የውሉን ረቂቅ ጽፈሽ ስትጨርሺ ቅዳሜ ከሰዓት ይዘሽው ነይ፣ ቡና እየጠጣን አብረን እናየዋለን።