ቀይ ቧንቧ ምን ተሸክሟል? የደህንነት ቀለሞችና ቅርጾች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ብርድ ልብስ የሚያመርትም ሆነ ቢራ የሚጠምቅ ፋብሪካ ስትገቡ ዓይናችሁ የሚያርፈው ምልክት ላይ ነው። አብዛኞቻችን የምናውቀው አጭሩን ነው፤ ቀይ አደጋ፣ ቢጫ ጥንቃቄ፣ አረንጓዴ ሰላም። ለትራፊክ መብራት ይህ ይበቃል። ለፋብሪካ ግን አይበቃም፣ ምክንያቱም ቀይ ብቻውን እንኳ ሁለት የተለያየ ነገር ይላል።

አይሶ 3864 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ነገሩን የሚፈታው በቅርጽ ነው። በነጭ መደብ ላይ ቀይ ክብ ካለና ከላይ ከግራ ወደ ታች ወደ ቀኝ የሚወርድ ቀይ መስመር ካቋረጠው መልእክቱ «አታድርግ» ነው፤ ማጨስ ክልክል የሚለው ምልክት እንደዚያ ነው። ሙሉ ቀይ የሆነ አራት ማዕዘን ላይ ነጭ ሥዕል ካያችሁ ግን ምንም አልከለከላችሁም፣ እንዲያውም እየጠራችሁ ነው፤ እሳት ማጥፊያው ወይም የአደጋ ደወሉ እዚህ አለ ማለት ነው። ሌሎቹ ቀላል ናቸው። ሰማያዊ ክብ ግዴታ ነው፣ ለምሳሌ መነጽር ወይም ሄልሜት አድርግ ይላል። ጥቁር ጠርዝ ያለው ቢጫ ሦስት ማዕዘን ተጠንቀቅ፣ አረንጓዴ አራት ማዕዘን ደግሞ መውጫውን ወይም የመጀመሪያ ዕርዳታውን ያሳያል።

ቅርጹ ለጌጥ አይደለም። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታባቸው ሰዎች አሉ፤ ችግሩ በአብዛኛው በዘር የሚተላለፍ ሲሆን ወንዶች ላይ ይበዛል፣ ብዙዎቹም ራሳቸው አያውቁትም። ዓይኑ ደህና የሆነውም ቢሆን ቀለም የሚያየው ብርሃኑ ሲፈቅድለት ነው። ብርቱካናማ የሶዲየም መብራት በሚበራበት ግቢ ሌሊት ላይ ቀይና ቡኒ ይመሳሰላሉ። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ የተጓዘ ሰው ደግሞ ያውቀዋል፤ የመንገድ ምልክቱ ቀለም ገና ሳይለይ ሦስት ማዕዘን መሆኑ ቀድሞ ይታያል። በጭስ የተሞላ አዳራሽም እንዲሁ ነው። የደጋው ፀሐይ ሲጨመርበት ውጭ የተለጠፈ ቀይ ከጊዜ በኋላ ወደ ሮዝ ይሄዳል፣ ክቡ ግን ክብ ሆኖ ይቀራል።

ይሁን እንጂ ዘዴው ቀዳዳ አለው። የመውጫውም የእሳት ማጥፊያውም ምልክት አራት ማዕዘን ነው፣ የሚለያዩትም በቀይና በአረንጓዴ ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ በሚምታቱት ሁለት ቀለሞች! ለዚያ ነው በእሳት መሣሪያ ምልክቶች ላይ ነበልባል የሚሳለው።

ቧንቧ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይወሳሰባል። ቧንቧ ሁሉ ቅርጹ አንድ ነው፣ ስለዚህ ቀለሙ ያለ አጋዥ ይቀራል። በዚያ ላይ ደረጃው እንደ አገሩ ይለያያል። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ከተለያየ አገር የመጡ ማሽኖች ተገጥመዋል እንበል፣ እኛ አገር ይህ ብርቅ አይደለም። ቫልቭ ያለው ቀይ ቧንቧ ታያላችሁ። በአሜሪካው ደረጃ ከሄድን ቀይ ላይ ነጭ ጽሑፍ የእሳት ማጥፊያ ውሃ ነው። በጀርመንና በቻይና ደረጃ ግን ቀይ የእንፋሎት ቀለም ነው። እንግሊዞች ደግሞ እንፋሎትን ብርማ ግራጫ ይቀቡታል። እንፋሎት የሚያመነጨው ቦይለር በ8 ባር ግፊት የሚሠራ ከሆነ እንፋሎቱ ወደ 175 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፤ እሳት ሊያጠፋ ቸኩሎ ያንን ቫልቭ የከፈተ ሰው ምን እንደሚገጥመው ገምቱ።

ብርቱካናማም እንዲሁ ነው። አሜሪካኖቹ መርዛማ ወይም የነካውን እየበላ የሚጎዳ ፈሳሽ፣ ለምሳሌ ጋን ማጠቢያውን ኮስቲክ ሶዳ፣ ብርቱካናማ ላይ በጥቁር ይጽፉታል። እንግሊዞቹ ለአሲድና ለኮስቲክ ሐምራዊ ይጠቀማሉ፣ ብርቱካናማውን ለኤሌክትሪክ መስመር ትተውታል። አረንጓዴ ደግሞ በሁሉም ዘንድ ውሃ ነው፣ ግን «ሰላም ነው» ማለት አይደለም፤ ወደ ቦይለር የሚገባው ትኩስ ውሃም አረንጓዴ ይቀባል።

ስለዚህ ቧንቧ ላይ የቅርጹን ሥራ የሚሠሩት ጽሑፉና ቀስቱ ናቸው። ጽሑፉ ውስጡ ያለውን በስሙ ይጠራል፣ ቀስቱ ወዴት እንደሚፈስ ያሳያል። መለያው በየቫልቩና በየመገንጠያው አጠገብ፣ ቧንቧው ግድግዳ በሚያልፍበት ቦታ በሁለቱም ወገን፣ ረጅም መስመር ላይ ደግሞ በየ8 እስከ 15 ሜትሩ መደገም አለበት። ቧንቧው ከፍ ብሎ የተዘረጋ ከሆነ ጽሑፉ ጀርባው ላይ ሳይሆን ከታች በሚታይበት ወገን ይለጠፋል። ጣሪያ ሥር ተዘርግቶ ጽሑፉ ወደ ጣሪያው የሚያይ ቧንቧ ካያችሁ ለጣሪያው ነው የተጻፈው።

ጽሑፉ ከተላጠ ወይም በቀለም ከተሸፈነ ቫልቩን ከፍቶ መሞከር የለም። መስመሩን እስከ ቦይለሩ፣ ፓምፑ ወይም ታንከሩ ድረስ በዓይን ተከትሎ ከጥገና ሠራተኛው ጋር ማረጋገጥ ያስፈልጋል። እጅን አስጠግቶ ሙቀት መፈተሽም አያዋጣም፤ የእንፋሎት መስመር በደንብ ከተሸፈነ ውጪው ብዙም ሙቀት ላይሰማው ይችላል፣ ካልተሸፈነ ደግሞ ያቃጥላል።