ቫልቭ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ጊዜ የሚቀያይሩ ሞተሮች

ወደ ሲሊንደሩ አየር የሚያስገቡትንና የተቃጠለ ጋዝ የሚያስወጡትን ቫልቮች የሚከፍታቸው ካምሻፍት ነው። እሱም ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ክራንክሻፍት ጋር በካቴና ወይም በቀበቶ ስለተያያዘ፣ በቀድሞዎቹ ሞተሮች የቫልቮቹ ሰዓት አይነቃነቅም ነበር። ሞተር ግን በዝግታም በፍጥነትም አንድ ዓይነት አተነፋፈስ አይመቸውም።

ነገሩ ቁልጭ ብሎ የሚታየው የማስገቢያ ቫልቩ ሲዘጋ ነው። ፒስተኑ ታች ደርሶ መውጣት ሲጀምርም ቫልቩ ለጥቂት ጊዜ ክፍት ይቆያል፤ ክራንክሻፍቱ 60 ዲግሪ እስኪዞር እንበል። በደቂቃ 6,000 ዙር ላይ ይህ 1.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። እየተምዘገዘገ የሚመጣው አየር ክብደት ስላለው ቶሎ አይቆምም፤ ፒስተኑ እየወጣም ቢሆን መግባቱን ይቀጥላል። ሲሊንደሩ ጥግብ ይላል።

በ1,000 ዙር ግን ያው 60 ዲግሪ 10 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። አየሩም ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ግፊት የለውም። ፒስተኑ የገባውን አየር መልሶ ወደ መጣበት ቱቦ፣ ወደ ማኒፎልዱ፣ ያስወጣዋል። ሞተሩ ጉልበት ያጣል። ቫልቩ ቀደም ብሎ ቢዘጋ ይህ ይቀራል፤ ያኔ ደግሞ በከፍተኛ ዙር ሞተሩ ይታፈናል። ስለዚህ መሐንዲሶች አንዱን መርጠው ሌላውን መተው ነበረባቸው።

መፍትሔው ካምሻፍቱን ካቴናው ወይም ቀበቶው ከሚያዞረው ጥርስ አንጻር ትንሽ ማዞር ነው። በጥርሱ ውስጥ የዘይት ክፍሎች አሉ። የሞተሩ ኮምፒውተር ሶሌኖይድ በሚባል በኤሌክትሪክ በሚሠራ መቆጣጠሪያ አማካኝነት ዘይቱን ወደ አንዱ ወገን ሲልከው ካምሻፍቱ ይቀድማል፣ ወደ ሌላው ሲልከው ይዘገያል። ነጂው ከ1,500 ዙር ጀምሮ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ቢረግጥ፣ የማስገቢያው ካምሻፍት መጀመሪያ ይቀድማል፤ ዙሩ ሲጨምር ቀስ በቀስ ይዘገያል። የፈረስ ጉልበት የመዞር ኃይልና የዙር ብዛት ብዜት ነው። ሲሊንደሩ በየዙሩ በደንብ ከተሞላ የመዞር ኃይሉ ቶሎ አይወርድም፤ ጥሩ የሚጎትትበት ክልልም ይሰፋል።

በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር፣ ደግሞ ካምሻፍቱ እንዲዘገይ ይደረጋል። ያኔ ቢቀድም የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቭ አብረው ክፍት የሚሆኑበት ጊዜ ይረዝማል። የተቃጠለ ጋዝ ወደ ኋላ ይመለስና ሞተሩ ይንቀጠቀጣል።

ይህ ዘዴ ገደብ አለው። ቫልቩ ቀድሞ ከተከፈተ በዚያው ልክ ቀድሞ ይዘጋል፤ ክፍት የሚቆይበት ርዝመትና የሚነሳበት ከፍታ አይለወጥም። ሆንዳ በ1989 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቪቴክ በከፍተኛ ዙር ወደ ሌላ የካም ቅርጽ በመቀየር እነዚህንም ይለውጣል።

ዋናው ጠላት የቆሸሸ ዘይት ነው። ሶሌኖይዱ ወይም ዘይቱን የምታጣራው ትንሿ ወንፊት ስትደፈን ካምሻፍቱ ባለበት ይቀራል። ቀድሞ ከቀረ ሚኒሞው ይዛባል፣ በምርመራ መሣሪያም ላይ ብዙ ጊዜ P0011 የሚል የብልሽት ኮድ ይነበባል። ዘግይቶ ከቀረ ደግሞ መኪናው በዝቅተኛ ዙር ይደክማል፤ የተለመደው ኮድ P0012 ነው። በሁለቱም የካምሻፍቱን ጥርስ ከመቀየር በፊት ዘይቱን፣ ሶሌኖይዱንና ወንፊቷን ማየት ይቀድማል።