ዛፍ ያልታየበት ዳገት ሁሉ ከዛፍ ወሰን በላይ አይደለም

«ይህን ፎቶ በመስከረም መጨረሻ ከደብረ ታቦር ወደ ጉና ስንወጣ ጠዋት አነሳሁት። ዳገቱ ላይ ዛፍ የለም፣ አየሩ ጥርት ያለ ነው፣ ደመናውም ከእግራችን በታች ተኝቷል። 4,000 ሜትር አልፈናል ማለት ነው አይደል?»

አላለፋችሁም። ክረምቱ ሲወጣ ከባሕር ዳር ተነሥተው ወደ ጉና፣ ወደ ጮቄ ወይም ወደ ስሜን የሚጓዙ ሰዎች እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን ያሳዩኛል፤ አብዛኞቹም በእነዚሁ ሦስት ምልክቶች ተማምነው ከፍታውን እጅግ ያጋንኑታል። ምልክቶቹ ዋጋ የላቸውም አልልም፤ የሚነበቡበት መንገድ ግን ስሕተት ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የዛፉ ጉዳይ ነው። የዛፍ ወሰን የሚባለው ቅዝቃዜው ዛፍ እንዳያድግ የሚከለክልበት ከፍታ ነው እንጂ ዛፍ ያልታየበት ቦታ ሁሉ አይደለም። በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች ይህ ወሰን ከ2,000 ሜትር ብዙም ሳይርቅ ይገኛል፤ እኛ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን በስሜን ተራሮች አስታ እስከ 3,700 ሜትር ገደማ፣ ምቹ ቦታ ሲያገኝም ከዚያ በላይ ዛፍ ሆኖ ይቆማል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ጥዱም ባሕር ዛፉም ያለ ችግር የሚያድግባት ለዚህ ነው። ስለዚህ ከከተማዋ በላይ ባሉት ዳገቶች፣ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ ድረስ፣ የሚታየው ራቁት መሬት የብርድ ሳይሆን የመጥረቢያ፣ የእርሻና የግጦሽ ሥራ ነው።

ሁለቱን መለየት ይቻላል። ብርድ የሠራው ወሰን ቀስ በቀስ ይመጣል፤ አስታው ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር እያጠረ ቁጥቋጦ ይሆናል፣ በመካከሉ ጓሳና ጅብራ ይገባሉ፣ ከዚያም ዛፉ ያልቃል። ሰው የሠራው ወሰን ግን በድንገት ይቆረጣል፤ ጠርዙ እንደ ማሳ ድንበር ቀጥ ያለ ነው፣ ማዕዘንም አለው፣ ዛፉ የቀረውም በሬ በማይደርስበት ገደልና ሸለቆ ውስጥ ብቻ ነው። በአካባቢያችን ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ምስክር አለ፤ እርሱም የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። በደቡብ ጎንደር ራቁት በሆነ አገር መካከል ጥዱና ወይራው ተጠብቆ የቆየበት ደብር ከታየ፣ በዚያ ከፍታ ላይ ዛፍ ማደግ እንደሚችል ተረጋግጧል፤ በዙሪያው ያለው ባዶ መሬትም ስለ ከፍታ የሚናገረው አንዳች ነገር የለም።

አሁን ወደ ፎቶው ልመለስ። ከፊት ለፊት ገና አረንጓዴ የሆነ የገብስ ማሳ አለ። ከግራ በኩል ክብ የሆነ የጥድ ደን ይታያል፤ ጠያቂዬ ዛፍ የለም ሲሉ ይህንን ደብር አልቆጠሩትም። ከቤቶቹ ጀርባ ረጃጅም ባሕር ዛፎች በሰልፍ ቆመዋል። አስታው በሩቁ ሸለቆ ውስጥ እንደ ጥቁር መስመር ይታያል፣ ጅብራ ግን በአቅራቢያው የለም። ባሕር ዛፍ ወደ 3,200 ሜትር ሲጠጋ ውርጩ ችግኙን ስለሚመታው እየቀጨጨ ይሄዳል፤ እነዚህ ግን ወፍራምና ረጃጅም ናቸው። በአንጻሩ ማሳው ሁሉ ገብስ ሆኖ ጤፍ ጨርሶ አለመታየቱ፣ ቦታው ከደብረ ታቦር ከፍ ማለቱን ያመለክታል። እንግዲህ ዕፅዋቱ ብቻቸውን የሚሰጡን ግምት ከ2,800 እስከ 3,200 ሜትር ነው።

እውነተኛው 4,000 ሜትር በጉና ላይ ሌላ መልክ አለው። በዚያ እርሻ አይኖርም፤ ዐለት፣ ጓሳና ነጠላ ግንዱን አቁሞ የሚቆመው ጅብራ ነው የሚታየው። በዝቅተኛ ቦታ በእርጥብ ጫካ ውስጥ የሚበቅል፣ ቀጭን ግንድ ያለው ሌላ ጅብራም ስላለ፣ ተክሉ በጓሳ መካከል መሆኑን ማየት ያስፈልጋል።

ስለ አየሩ ጥራት ብዙ መናገር አያሻም፤ የሚነግረን ወቅቱን እንጂ ከፍታውን አይደለም። ከባሕር ዳር የጣና ዳርቻ ሆኖ ወደ ዘጌ የሚመለከት ሰው በመስከረም ዛፎቹን መለየት ይችላል፤ በመጋቢት ግን አቧራውና የቃጠሎው ጢስ ያንኑ ዳርቻ ያደበዝዘዋል። ከፍታው በሁለቱም ወራት 1,800 ሜትር ገደማ ነው። የክረምቱ ዝናብ አየሩን ስላጠበው የመስከረም ፎቶ ከየትም ቢነሳ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ የበጋው አቧራ ደግሞ ከተራሮቹ በላይ ድረስ ሊወጣ ይችላል። የሰማዩ ሰማያዊነት ከፍ ባለ ቦታ በእርግጥ ይጠቁራል፤ ነገር ግን የስልክ ካሜራ ቀለሙን ራሱ ስለሚያደምቀው በዚህ መመዘን አይቻልም።

ደመናው የተሻለ መረጃ ይሰጣል፣ ዓይነቱ ከታወቀ። በጠዋቱ ፎቶ ላይ ከእግር በታች የተኛው ጠፍጣፋ ነጭ ንጣፍ ሌሊቱን በፎገራ ሜዳና በሸለቆዎቹ ላይ የተጠራቀመ ጉም ነው። ሜዳው ራሱ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ጥቂት መቶ ሜትር የሚወፍረውን ጉም ከላይ ለማየት ደብረ ታቦር አካባቢ መቆም ይበቃል። ላባ መሰሉ ስስ ደመና ደግሞ ከሁሉም ተራሮቻችን በላይ የሚውል የበረዶ ብናኝ ስለሆነ፣ ባሕር ዳር ላይ ተቀምጦ ቢያዩትም ያው ነው። መሬት ላይ የሚታየው ነጭ ነገርም ብዙውን ጊዜ የበረዶ ዝናብ ነው፤ እርሱም በወይና ደጋ ይጥላል።

ለስሌት የሚያገለግለው ከረፋድ በኋላ ፀሐይ ካሞቀችው መሬት የሚነሣው፣ ሥሩ ጠፍጣፋና አናቱ ጉብጉብ ያለው ደመና ነው። የዚህ ደመና ሥር ከመሬት ያለው ርቀት በሜትር፣ የአየሩ ሙቀት ከጤዛ ነጥቡ የሚበልጥበት ዲግሪ በ125 ሲባዛ ነው። የጤዛ ነጥብ ማለት አየሩ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው እርጥበት ውኃ መሆን የሚጀምርበት ሙቀት ሲሆን፣ በአውሮፕላን ማረፊያ የአየር ሁኔታ ዘገባ ላይ ከሙቀቱ ጎን ይጻፋል። ጠያቂዬ በዚያው ቦታ እኩለ ቀን ላይ ያነሡትን ሁለተኛ ፎቶ ብንወስድ፣ የባሕር ዳር ሙቀት 25፣ የጤዛ ነጥቡ 15 ከነበረ፣ ልዩነቱ 10 ነው፤ በ125 ሲባዛ 1,250 ሜትር ይሆናል፣ የከተማው 1,800 ሲጨመር የደመናው ሥር 3,050 ሜትር ላይ ነው ማለት ነው። በዚያ ፎቶ የደመናዎቹ ጠፍጣፋ ሥር ከዓይን ደረጃ ጥቂት ከፍ ብሎ ይታያል፤ አናታቸው ወደ ታች ሲታይ ቢሆን ኖሮ ሰዎቹ ከደመናው በላይ ይሆኑ ነበር። ስለዚህ ቦታው ከ3,050 ሜትር ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ይህም ከዕፅዋቱ ግምት ጋር ይስማማል።

ስሌቱ ወሰን አለው። ሙቀቱ ወይም የጤዛ ነጥቡ በሁለት ዲግሪ ቢሳሳት መልሱ በ250 ሜትር ይዛባል፤ በጉናና በባሕር ዳር መካከል ያለው የእርጥበት ልዩነትም ሌላ ስሕተት ይጨምራል። ለጠዋት ጉምና ለሚዘንብ ደመና ደግሞ ከናካቴው አይሠራም። በመሆኑም የእኔ መልስ 3,000 ሜትር አካባቢ፣ 200 ሜትር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚል ነው። ግምቱን ማጥበብ የሚፈልግ ሰው ከሩቁ ትዕይንት ሌላ፣ በቆመበት ቦታ እግሩ ሥር ያለውን ተክልና በዓይኑ ደረጃ ያለውን ተቃራኒ ዳገት ለየብቻ ያንሣ፣ የፎቶውንም ሰዓት ይመዝግብ።