ከአንድ ረጅም ቪዲዮ በርካታ ሥራዎችን ማውጣት፦ የክራር ትምህርት በወሎ

አንድን ረጅም ቪዲዮ ወይም ጽሑፍ ለዩቲዩብ፣ ለቲክቶክ፣ ለቴሌግራምና ለፌስቡክ እንደየመድረኩ ጠባይ ለይቶ ማዘጋጀት በይዘት አዘጋጆች ዘንድ የተለመደ አሠራር ነው። ሥራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቪዲዮው በደቂቃ ሲከፋፈል ነው። የ24 ደቂቃ ትምህርት ስምንት ቦታ ይቆረጥና “ክፍል 1”፣ “ክፍል 2” እየተባለ ይለቀቃል። መካከል ላይ የደረሰበት ተመልካች ነገሩ አይገባውም፤ ሁሉንም መድረኮች የሚከታተለው ደግሞ ያንኑ ፊትና ያንኑ ሰላምታ ደጋግሞ ያያል። የተሻለው መንገድ በጥያቄ መቁረጥ ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ሌላው የማይመልሰውን አንድ ጥያቄ ይመልሳል።

ደሴ ውስጥ የሚያስተምር አንድ የክራር መምህር ስለ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ቅኝቶች የ24 ደቂቃ ቪዲዮ ሠራ እንበል። የመጀመሪያው ሥራ መቀስ ማንሳት ሳይሆን የዩቲዩብን የተመልካች ቆይታ ግራፍ መመልከት ነው። መስመሩ ድንገት ሽቅብ የወጣበት ቦታ ሰዎች ወደ ኋላ መልሰው ያዩት ወይም ዘለው የመጡበት ነው፤ እንዲህ ባለው ትምህርት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መምህሩ ክራሩን ከአንድ ቅኝት ወደ ሌላ የሚያዞርበት ቅጽበት ይሆናል።

ያ ቅጽበት ለቲክቶክና ለዩቲዩብ ሾርትስ ይበቃል። ባለ ስድስት አውታር ክራር በትዝታ ሜጀር ሲቃኝ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሰጣል፤ ስድስተኛው አውታር ዶን በሌላ እርከን ይደግማል። ወደ ባቲ ሜጀር ሲታለፍ ሬ ወደ ሚ፣ ሚ ወደ ፋ፣ ላ ወደ ሲ ከፍ ይላሉ፤ ዶና ሶል አይነኩም። ስለዚህ አጭሩ ቪዲዮ “ሦስት አውታር ቢነካ ትዝታ ምን ይሆናል?” የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ በ45 ሰከንድ ያልቃል። የሚከፈተው በድምፅ ነው። መጀመሪያ በትዝታ የተመታች አጭር ዜማ ትሰማለች፣ ቀጥሎ ሦስቱ አውታሮች ሲቃኙ ይታያል፣ ከዚያ ያችው ዜማ በባቲ ትመለሳለች። ሰላምታም ሆነ “ባለፈው እንዳየነው” የሚል አገናኝ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ አንድ የቴክኒክ ችግር ይመጣል። በአግድም የተቀረጸ ምስል ለስልክ በቁመት ሲቆረጥ ከስፋቱ የሚቀረው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ፊቱ ከተያዘ ክራሩ ይወጣል፤ ክራሩ ከተያዘ ራሱ መምህሩ ይቆረጣል። ፕሮግራሞች በራሳቸው የሚያደርጉት ቁረጣ ብዙ ጊዜ ፊትን ስለሚከተል በክራር ትምህርት ላይ ከንቱ ነው፤ ሊታይ የሚገባው አውታሮቹ የሚጠመጠሙበት ቀንበር ነውና። መፍትሔው በቀረጻው ቀን ሁለተኛ ስልክ በቁመት ቀንበሩ ላይ አነጣጥሮ ማቆም ነው። ይህ ድግግሞሽንም ያስቀራል፤ ረጅሙን ያየ ሰው አጭሩ ላይ ያላየውን ማዕዘን ያገኛል። ሾርትስ ላይ በመግለጫው ውስጥ የሚጻፍ አድራሻ ከ2023 ጀምሮ ስለማይከፈት ወደ ረጅሙ ቪዲዮ የሚወስደው ማያያዣ “ተዛማጅ ቪዲዮ” በሚለው ቦታ ይገባል።

ቴሌግራም ላይ ግን ያንኑ አጭር ቪዲዮ መልሶ መለጠፍ ዕድልን ማባከን ነው። ቻናሉን የሚከታተለው ክራር በእጁ ያለ ተማሪ ነው፤ የሚፈልገውም የሚቃኝበት ድምፅ ነው። አምስቱ ድምፆች አንድ በአንድ፣ እያንዳንዳቸው ለጥቂት ሰከንዶች እየቆዩ የተቀረጹበት የድምፅ ፋይል ለየቅኝቱ ቢቀመጥ ተማሪው ሲለማመድ ደጋግሞ ይከፍተዋል፤ ፋይሉ ከቪዲዮም ያነሰ ዳታ ይበላል። ከፋይሉ ሥር የሚገባው ጽሑፍ በመደበኛው አካውንት ከ1024 ፊደላት ስለማያልፍ የአውታሮቹ ቅደም ተከተል ብቻ ይጻፍበታል።

ለፌስቡክ የሚቀረው ታሪኩ ነው። ባቲ ከቆላው የሚመጡ አፋሮችና የወሎ ደጋ ነጋዴዎች የሚገናኙበት የሰኞ ገበያ ያላት ከተማ ናት፤ አምባሰልም የወሎ ተራራማ አገር ነው። ሁለቱ የቅኝት ስሞች ከነዚህ ቦታዎች ጋር እንዴት እንደተያያዙ የሚተርክ ጽሑፍ ከፎቶ ጋር ይሄዳል፣ የሙዚቃ ኖታም አያስፈልገውም።

ከመለቀቃቸው በፊት የሁሉንም ቁራጮች የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን ማንበብ ይበጃል። ሁለቱ ቦታ ቢቀያየሩ ልዩነት ካልመጣ አንዱ ትርፍ ነው።

ሁሉም ነገር ግን አይቆረጥም። አንቺሆዬ ከአምባሰል የሚለየው በሁለት ድምፆች ነው፤ አንዱ በግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ ሌላው በግማሽ ከፍ ይላል። አምባሰልን በደንብ ያልሰማ ጆሮ ይህን በ45 ሰከንድ ስለማይለይ ያ ክፍል በረጅሙ ቪዲዮ ውስጥ ብቻ ይቆያል።