የከተማ ፕላን ባለይዞታው በቦታው ላይ ምን እንዳይሠራ ይከለክላል? የአዲስ አበባ አሠራር

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት ነው። የከተማ ባለይዞታ በእጁ ያለው በቦታው የመጠቀም መብትና በላዩ የሠራው ቤት ባለቤትነት ነው። ይህ መብት ሁለት ልጓሞች አሉት። አንደኛው ቦታው የተሰጠበት አገልግሎት ሲሆን ሁለተኛው የከተማው ፕላን ነው። የመጀመሪያውን ብዙ ሰው ከይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ወይም ከሊዝ ውሉ አንብቦ ያውቀዋል። ሁለተኛውን ግን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው የግንባታ ፈቃድ ሊጠይቅ ሲሄድ ነው፤ ያኔ ደግሞ ቦታው ተገዝቷል፣ ገንዘቡም ተከፍሏል።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሁለት ደረጃ ያላቸው ፕላኖችን ለይቶ አስቀምጧል። መዋቅራዊ ፕላን ከተማው ወደየት እንደሚያድግ፣ ዋና ዋና መንገዶች በየት እንደሚያልፉና የትኛው አካባቢ ለምን አገልግሎት እንደሚውል ይወስናል፤ ዕድሜውም 10 ዓመት ነው። የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ ወደ ሰፈር ወርዶ የሕንፃውን ከፍታ፣ የግንባታውን ጥግግትና የውስጥ ለውስጥ መንገዶችን ይዘረዝራል። አዲስ አበባ ከ2009 እስከ 2019 ዓ.ም. እንዲያገለግል የወጣ መዋቅራዊ ፕላን አላት። ፕላኑ የከተማዋን መሬት 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የመመደብ መርሕ ይዟል። ቁጥሩ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የከተማዋ መሬት ባዶ ሜዳ አይደለም፤ ለመንገድና ለአረንጓዴ የታሰበው መሬት ብዙው ሰዎች አጥረው በሚኖሩበት ይዞታ ላይ ያርፋል። ወንዝ ዳር ያለ ቦታ ሁሉ ለአረንጓዴ ታስቦ ይሆን የሚል ጥያቄ ይነሳበታል።

አገልግሎት ሲባል ቦታው ለመኖሪያ፣ ለንግድ፣ ለኢንዱስትሪ ወይስ ለሌላ ሥራ ነው ማለት ነው። በሊዝ የተያዘ ቦታ ላይ ይህ ቃል የመብቱን ዕድሜ ጭምር ይወስናል። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ 99 ዓመት ሲሰጥ፣ በአዲስ አበባ ለኢንዱስትሪ 70፣ ለንግድ 60 ዓመት ደንግጓል። ስለዚህ በ99 ዓመት ውል የተያዘን የመኖሪያ ቦታ ሆቴል ማድረግ በር ላይ ማስታወቂያ እንደ መስቀል ያለ ጉዳይ አይደለም። ባለይዞታው ለውጡን ማስፈቀድ ይጠበቅበታል፤ አስተዳደሩም አዲሱ አገልግሎት ከፕላኑ ጋር መጣጣሙን ሳያረጋግጥ አይፈቅድለትም። ነባር ይዞታም የሊዝ ውል ባይኖረውም ከፕላኑ አያመልጥም።

ፕላኑ ቅይጥ መኖሪያ ብሎ የመደበው ሰፈር ለባለይዞታው ሰፋ ያለ ዕድል ይሰጣል። ቅይጥ ግን ያሻህን ሥራ ማለት አይደለም። መኖሪያው ዋናው ሆኖ፣ ከመኖሪያ ጋር የሚስማማ ሥራ ከጎኑ ይፈቀዳል ማለት ነው። ሱቅ፣ ፋርማሲ ወይም የልብስ ስፌት ቤት ጎረቤቱን ሳያስቸግር ይሠራል። የብረታ ብረት ብየዳ፣ ጋራዥ ወይም ትልቅ መጋዘን ግን ድምፅ፣ ጭስ፣ የተቃጠለ ዘይትና የጭነት መኪና ይዞ ይመጣል። ሁለቱም ንግድ ናቸው፤ የሚለያያቸው ከአጥሩ ውጭ የሚተርፈው ጉዳት ነው።

ግንባታውን የሚወስኑት መለኪያዎች በአንድ ምሳሌ ቢታዩ ይሻላል። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል የተወሰዱ ናቸው። ፊቱ 10 ሜትር፣ ርዝመቱ 20 ሜትር የሆነ ባለ 200 ካሬ ሜትር ቦታ አለ እንበል። ፕላኑ መንገዱን ሲያሰፋ ከፊት ለፊቱ 5 ሜትር ይወስዳል፤ 150 ካሬ ይቀራል። ሕንፃው መሬት ላይ እንዲይዝ የተፈቀደው 60 በመቶ ከሆነ፣ አንዱ ወለል ከ90 ካሬ መብለጥ አይችልም። የወለሎቹ ድምር ከቦታው ስፋት ከሁለት እጥፍ እንዳይበልጥ ከተወሰነ ደግሞ ጠቅላላው 300 ካሬ ነው። ሰውየው ሰፈሩ እስከ 5 ፎቅ እንደሚፈቅድ ሰምቶ ይሆናል። ሦስት ወለሎች በ90 ሲባዙ 270 ካሬ ይወስዳሉ፤ ለአራተኛው የቀረው 30 ካሬ ብቻ ነው። የከፍታ ጣሪያው አልነካውም፤ ያስቆመው የወለሎቹ ድምር ነው።

ስሌቱ በዚህ አያበቃም። መስኮት ያለው ግድግዳ ከጎረቤት ወሰን 2 ሜትር መራቅ አለበት ብንል፣ በሁለቱም ጎንና በጀርባ መስኮት የሚፈልግ ሰው የሚቀረው 6 በ13፣ ማለትም 78 ካሬ ነው። የተፈቀደለትን 90 ካሬ እንኳን አይሞላም። አንዱን ጎን በደፈናው ግድግዳ ቢዘጋ ስፋቱ 8 ሜትር ይሆናል፤ ያኔ 90 ካሬው ይገባለታል። ብርሃንና ካሬ ሜትር የሚሸጋሸጉት እንዲህ ነው፤ ይህን ምርጫ ንድፉ ከመጀመሩ በፊት ከአርክቴክቱ ጋር መወሰን ያስፈልጋል። ሌላው መጠየቅ ያለበት ነገር መቶኛው የሚሰላው ከ200 ካሬው ነው ወይስ ከመንገዱ ከተረፈው 150 ካሬ የሚለው ነው። በምሳሌያችን ልዩነቱ በአንድ ወለል 30 ካሬ ሜትር ይደርሳል።

የከፍታ ገደብ በበኩሉ ምንጩ ብዙ ነው። በቦሌ አካባቢ ገደቡ ከከተማው ፕላን ብቻ አይመጣም። በዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት መሠረት በትልልቅ ማኮብኮቢያዎች ዙሪያ እስከ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ከፍታ 45 ሜትር በላይ ያለው አየር ከመሰናክል ነጻ መሆን ይገባዋል፤ በአውሮፕላኖቹ መነሻና መድረሻ መስመር ላይ ገደቡ ከዚህም ይጠብቃል። የሚለካው ከሕንፃው ሥር ሳይሆን ከአውሮፕላን ማረፊያው ከፍታ ስለሆነ፣ ጉብታ ላይ ያለ ቦታ ዝቅ ካለው ጎረቤቱ ያነሰ ፎቅ ይደርሰዋል።

ብዙ ገዢዎችን የሚጎዳው ግን የመንገድ መስመሩ ነው። ካርታው የይዞታውን ወሰን ያሳያል እንጂ ነገ የሚሰፋውን መንገድ ላያሳይ ይችላል። ሻጩ 200 ካሬ ብሎ ይሸጣል፣ ካርታውም 200 ካሬ ይላል፣ ማንም አልዋሸም፤ ሊገነባበት የሚችለው ግን 150ው ነው። መንገዱ ሲመጣም የሚከፈለው የመሬት ዋጋ አይደለም። የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳን ያሰላው በመሬቱ ላይ ለሰፈረ ንብረትና ለቋሚ ማሻሻያ ነው። በመስመሩ ውስጥ ያለ ፈቃድ የተሠራ ሱቅ ባለቤቱን ለማፍረስ እንጂ ለካሳ አያበቃውም። ስለዚህ የውል ቀብድ ከመክፈል በፊት የቦታውን የፕላን መረጃ ከክፍለ ከተማው በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ አገልግሎቱን፣ የተፈቀደውን ከፍታና ፕላኑ የሚቆርጠውን ስፋት ለይቶ ካላሳየ ጉዳዩ ገና አልጠራም።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከግንባታ ፈቃድ አስቀድሞ የፕላን ስምምነት የሚባል ደረጃ አለው። በዚህ ደረጃ አስተዳደሩ የታሰበው ሥራ ለቦታው መፈቀዱን ይናገራል፤ ዝርዝር የመዋቅርና የኤሌክትሪክ ንድፍ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ቢሆን የአርክቴክትና የመሐንዲስ ክፍያ በከንቱ አይቀርም። ግንባታው ካለቀ በኋላም ገደቡ ይቀጥላል። አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ የሕዝብ መገልገያዎችን፣ ፋብሪካዎችንና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን በምድብ «ሐ» አስቀምጧቸዋል፤ እነዚህ ያለ መጠቀሚያ ፈቃድ ሥራ ሊጀምሩ አይችሉም። ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ የተፈቀደ ምድር ቤት ወደ መጋዘን ወይም ወደ ምሽት ክበብ ሲቀየር፣ ግድግዳው ባይነካም የአገልግሎት ለውጥ ስለሆነ አዲስ ፈቃድ ይጠይቃል።